ከመሬት ጋር የሚተላለፉ መብቶችና ግዴታዎች በእንግሊዝና በዌልስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በእንግሊዝና በዌልስ ቤት ከገዙ ወይም ለመግዛት ከተነሡ ወገኖቻችን ዘንድ በብዛት የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የሚመለከቱት የሁለቱን አገሮች ሕግ ብቻ ሲሆን፣ ስኮትላንድ የራሷ የተለየ ሥርዓት ስላላት እዚህ አልተካተተችም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ኢዝመንት እና ኮቨናንት የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ኢዝመንት አንድ መሬት በአጠገቡ ካለ ሌላ መሬት የሚያገኘው የመገልገል መብት ነው። በጎረቤት ግቢ ወደ መንገድ መውጣት፣ የፍሳሽ ቧንቧን በጎረቤት መሬት ሥር ማሳለፍ፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን እንዳይጋረድ መጠየቅ የታወቁት ዓይነቶች ናቸው። ገዳቢ ኮቨናንት ደግሞ የአንድ መሬት ባለቤት በመሬቱ ላይ አንድ ነገር ላለማድረግ ለጎረቤቱ የገባው የጽሑፍ ቃል ነው፤ ለምሳሌ ከአንድ ቤት በላይ ላለመሥራት ወይም ቤቱን ለንግድ ላለማዋል።

በሁለቱም ዘንድ ሁለት መሬቶች መኖራቸው ግድ ነው። አንደኛው ሸክሙን ይሸከማል፣ ሌላው ጥቅሙን ያገኛል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ መብቱን «የእገሌ መብት» አድርገው ያስቡታል። በእርግጥ መብቱ የመሬቱ ነው፤ ሰውየው የሚጠቀምበት የዚያ መሬት ባለቤት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ቤቱን ሸጦ ሲሄድ መብቱ ለገዢው ይቀራል እንጂ አብሮት አይሄድም።

እኔ ያልፈረምሁት ቃል እኔን እንዴት ሊያስረኝ ይችላል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁትም በቁጣ ነው፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ብቻ ነው የሚለው መርሕ በእንግሊዝ ሕግም ጽኑ ነው። ታዲያ መሬትን በተመለከተ ይህ መርሕ የተሰበረበትን ምክንያት ለመረዳት በለንደን እምብርት ወደሚገኘው ሌስተር ስኩዌር መሄድ ያስፈልጋል።

በ1808 ታልክ የተባለ ሰው በአደባባዩ ዙሪያ ያሉትን አንዳንድ ቤቶች ለራሱ አስቀርቶ፣ በመካከል ያለውን የአትክልት ቦታ ኤልምስ ለተባለ ሰው ሸጠ። ኤልምስ ስለ ራሱ፣ ስለ ወራሾቹና ከእሱ በኋላ ቦታውን ስለሚይዙ ሁሉ ሆኖ፣ ቦታው ሕንጻ ሳይሠራበት ክፍት የአትክልት ስፍራ ሆኖ እንዲቆይ ቃል ገባ። ቦታው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በመጨረሻ ሞክሼይ የተባለ ሰው እጅ ገባ። የሞክሼይ የግዢ ሰነድ ስለዚህ ቃል ምንም አልያዘም፤ ይሁን እንጂ ቃሉ መኖሩን እያወቀ እንደገዛ እሱ ራሱ አምኗል። ሕንጻ ለመሥራት ሲነሣ ታልክ ከሰሰው፤ በ1848 ዳኛው ሎርድ ኮተንሃም የእግድ ትእዛዝ ሰጡ።

የውሳኔው መነሻ ዋጋ ነው። ሕንጻ የማይሠራበት ቦታ በርካሽ ይሸጣል። የመጀመሪያው ገዢ በርካሽ ገዝቶ፣ በማግስቱ ከግዴታው ነጻ እንደሆነ ቦታ በውድ መሸጥ ቢችል፣ በሻጩ ኪሳራ ያልደከመበትን ትርፍ ይወስዳል፤ ቃሉን እያወቀ የገዛውም የዚያ ተካፋይ ይሆናል። በርትዕ ዓይን ይህ ተገቢ አይደለም። ዛሬም በሌስተር ስኩዌር መካከል የሚያልፍ ሰው ያንን አትክልት ቦታ ያገኘዋል።

ታዲያ እያንዳንዱ የድሮ ቃል ሁሉ ወደ እኔ ይተላለፋል ማለት ነው?

አይደለም። ከ1848 ወዲህ የመጡ ውሳኔዎችና ሕጎች መንገዱን አጥብበውታል። በመጀመሪያ፣ ቃሉ በይዘቱ ያለማድረግ ግዴታ መሆን አለበት። ይህ የሚለካው በቃላቱ አቀማመጥ አይደለም፤ ዋናው ጥያቄ ግዴታውን ለመፈጸም ባለቤቱ ገንዘብ ማውጣት ወይም ሥራ መሥራት ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው። «ቦታውን ክፍት አድርጎ ማቆየት» የሚለው አነጋገር የማድረግ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅን አጣጥፎ በመቀመጥ ይፈጸማል። «አጥሩ እንዳይፈርስ ማድረግ» የሚለው ግን አጥር ማደስን ስለሚጠይቅ፣ አነጋገሩ ከልካይ ቢመስልም የማድረግ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ቃሉ በተገባበት ጊዜ ቃሉን የተቀበለው ሰው በአቅራቢያው ጥቅም የሚያገኝ መሬት ሊኖረው ይገባል። በ1914 የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት አንድን ቦታ ክፍት አድርጎ ለማቆየት የተገባለትን ቃል በተከታይ ባለቤት ላይ ለማስፈጸም ቢከስም፣ በአካባቢው የሚጠቀም መሬት ስላልነበረው ተረትቷል። ሦስተኛ፣ ሸክሙ ለተከታይ ባለቤቶች እንዲተላለፍ ታስቦ መሆን አለበት፤ ከ1925 በኋላ ለተገቡ ቃሎች ሰነዱ በግልጽ ሌላ ካላለ የ1925 የንብረት ሕግ አንቀጽ 79 ይህን ይገምታል። የመጨረሻው ምዝገባ ነው፤ በራሱ ጥያቄ እንመለስበት።

መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ነገር ያስረኛል?

በላንድ ሬጂስትሪ የተመዘገበ ቤት መዝገብ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ንብረቱ የሚናገር ሲሆን መሬቱ የሚጠቀምባቸው ኢዝመንቶች በአብዛኛው እዚያ ይገኛሉ፤ ሁለተኛው የባለቤቱን ስም ይዟል፤ ሦስተኛው መሬቱ የተሸከማቸውን ነገሮች፣ የባንክ ዕዳውን ጭምር፣ ይዘረዝራል። ገዳቢ ኮቨናንት ገዢን የሚያስረው በዚህ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ነው። ካልገባ፣ ዋጋ ከፍሎ ገዝቶ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ነጻ ነው፤ ከጎረቤት ወሬውን ሰምቶ የነበረ ቢሆን እንኳ። በ1848 ወሳኝ የነበረው ማወቅ ዛሬ ቦታውን ለመዝገብ ለቅቋል ማለት ነው።

«ዋጋ ከፍሎ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ቤቱን በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘ ሰው ቀድሞ በነበረው ሸክም፣ ባይመዘገብም፣ ይታሰራል። እናት ለልጇ በስጦታ ያስተላለፈችው ቤት ላይ ያልተመዘገበ ቃል ቢኖር ልጁን ያስረዋል፤ ልጁ ለሦስተኛ ሰው ቢሸጠው ግን ያ ሰው ሊያመልጥ ይችላል።

ኢዝመንት ግን ይለያል። በሰነድ በግልጽ የሚሰጥ ኢዝመንት ሙሉ ሕጋዊ መብት የሚሆነው ሲመዘገብ ነው። ነገር ግን ሳይጻፍ ከሁኔታው የሚመነጭ ወይም በረጅም ዘመን አጠቃቀም የተገኘ ሕጋዊ ኢዝመንት፣ መዝገቡ ላይ ባይኖርም ገዢን የሚያስርባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፦ ገዢው ካወቀው፣ በጥንቃቄ ቦታውን ቢያይ የሚታወቅ ከነበረ፣ ወይም ከሽያጩ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ መብቱ በሥራ ላይ ውሎ ከነበረ። ስለዚህ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ወጥ ቤቱን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ በጓሮ አጥሩ ላይ በር አለ ወይ፣ ሣሩ በእግር ተረግጦ መንገድ አውጥቷል ወይ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን የማንን ቤት መስመር ይከተላል የሚለውን ይመልከቱ። መዝገቡ የማይናገረውን መሬቱ ይናገራልና።

ጥቅሙስ ለማን ይተላለፋል? ጎረቤቴ ቃሉን ያልተቀበለ አዲስ ሰው ነው።

የኢዝመንት ጥቅም ያለ ምንም ተጨማሪ ሰነድ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። የኮቨናንት ጥቅም በዋናነት የሚተላለፈው ከመሬቱ ጋር በመጣበቅ ነው። ከ1925 በኋላ ለተገቡ ቃሎች የንብረት ሕጉ አንቀጽ 78 ይህን በራሱ እንደሚያደርግ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1980 ወስኗል፤ በ2004 ደግሞ የሚጠቀመው መሬት የትኛው እንደሆነ ከሰነዱ ሊለይ እንደሚገባ አክሏል። ሰነዱ ራሱ «ጥቅሙ በግልጽ ካልተላለፈ በስተቀር ለገዢ አያልፍም» ካለ ግን አያልፍም። ከ1926 በፊት በተገቡ ቃሎች ላይ ይህ አንቀጽ አይሠራም፤ በቪክቶሪያ ዘመን በተሠሩ ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቃሎች የሚወድቁትም «ከየትኛው መሬት ጋር?» የሚለውን የሚመልስ ጽሑፍ ጠፍቶ ነው።

ሌላ መንገድም አለ። አንድ ባለ መሬት ሰፈሩን በአንድ ዕቅድ ከፋፍሎ፣ ለሁሉም ገዢዎች ተመሳሳይ ገደብ አስገብቶ፣ ገደቡም ለሁሉም የጋራ ጥቅም እንደሆነ ታውቆ ከሸጠ፣ እያንዳንዱ ቤት በሌላው ላይ ማስፈጸም ይችላል፤ መጀመሪያ የገዛም መጨረሻ የገዛም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ላንድ ሬጂስትሪ የገዳቢ ኮቨናንትን ጥቅም በተጠቃሚው ቤት መዝገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም። የራስዎን መዝገብ አይተው «ጎረቤቴን የምከለክልበት ነገር የለኝም» ብለው አይደምድሙ፤ የጎረቤትዎን መዝገብ ማንኛውም ሰው ትንሽ ክፍያ ከፍሎ ማየት ይችላልና እዚያ ይፈልጉ።

አጥር ማደስን ወይም ገንዘብ መክፈልን የመሳሰለ የማድረግ ግዴታስ?

በነጻ ይዞታ፣ ማለትም ፍሪሆልድ በሚባለው ባለቤትነት፣ የማድረግ ግዴታ ሸክም ለተከታይ ባለቤት አይተላለፍም። ይህ ከ1885 ጀምሮ የቆየ መርሕ ሲሆን በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1994 እንደገና አጽንቶታል። ጉዳዩ በሶመርሴት አንድ ሕንጻ ወደ ሁለት ቤት ስለተከፈለበት ነበር። የትልቁ ቤት ጣሪያ ከፊሉ በትንሹ ቤት ላይ ይዘረጋ ስለነበር፣ ባለቤቱ በ1960 ትንሹን ቤት ሲሸጥ ጣሪያውን ውሃ እንዳያፈስ አድርጎ ለማቆየት ቃል ገባ። ሁለቱም ቤቶች ከተሸጡ በኋላ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ የትንሹ ቤት ነዋሪዎች ከሰሱ፤ ተረቱ። ያለማድረግ ግዴታ ገዢው ከመጀመሪያውም ያላገኘውን መብት ብቻ ይነሣዋል፤ የማድረግ ግዴታ ግን ያልፈረመውን ውል በገዛ ገንዘቡ እንዲፈጽም ያስገድደዋል ተባለ። ጣሪያው እያፈሰሰበት ለሚኖር ሰው ይህ መልስ የሚያጽናና አይደለም፤ እኔም ሕጉ በዚህ ነጥብ መለወጥ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ።

ዋናው ማስታገሻ በ1957 ከሊቨርፑል የመጣ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ ሰፈር መንገድና ፍሳሽ የመገልገል መብት የተሰጠው ለጥገናው ድርሻ በመክፈል ግዴታ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም መንገዱን እየተጠቀሙ ክፍያውን አንከፍልም ማለት አይቻልም አለ። ይህ የሚሠራው ግን ክፍያው ከመብቱ ጋር ቀጥታ ሲያያዝና ባለቤቱ መብቱን ትቶ ከክፍያው መዳን ሲችል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ላይ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ያሳዩን።

ረጅም ጓሮ ያለው አንድ ቤት እናስብ። በ1962 ባለቤቱ የጓሮውን ግማሽ ሸጠ እንበል። በሽያጭ ሰነዱ ላይ አራት ነገሮች ሰፈሩ። የጓሮው ገዢ ከፊት ቤት ጎን ባለው ሦስት ሜትር ስፋት ባለው የመኪና መግቢያ በማናቸውም ጊዜ በእግርም በመኪናም የማለፍ መብት ተሰጠው። እሱ በበኩሉ ፎቅ ከሌለው አንድ ቤት በቀር ሌላ ላለመሥራት፣ ይህም ሻጩ ላስቀረው መሬትና ለእያንዳንዱ ክፍሉ ጥቅም እንደሆነ ገልጾ፣ ቃል ገባ። የመግቢያውን ጥገና ግማሽ ወጪ ለመክፈል ተስማማ። በሁለቱ መካከል ያለውን አጥር ለማደስም ተስማማ። ከስልሳ ዓመት በኋላ ሁለቱም ቤቶች ብዙ ጊዜ ተሸጠዋል፤ የማለፍ መብቱና ገደቡ በየመዝገቦቹ ገብተዋል።

የጓሮው ቤት አዲስ ባለቤት ልጆቹ ስለበዙ በቤቱ ላይ ፎቅ መጨመር ይፈልጋል። የፊት ቤቱ አዲስ ባለቤት ሊከለክለው ይችላል። ሸክሙ በጓሮው ቤት መዝገብ ሦስተኛ ክፍል አለ፤ ቃሉ ያለማድረግ ግዴታ ነው፤ ተጠቃሚው መሬት በሰነዱ ተለይቷል፤ ስለዚህ በአንቀጽ 78 ጥቅሙ ሳይነገር ወደ አዲሱ ባለቤት ደርሷል።

በተራው የፊት ቤቱ ባለቤት መኪናውን መግቢያው ላይ ማቆም ጀመረ። የመግቢያው መሬት የራሱ ስለሆነ መብቱ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ መሬቱ የእሱ መሆኑ አይጠቅመውም፤ ሸክሙ ያረፈው በዚያው መሬት ላይ ነውና። መለኪያው የማለፍ መብቱን ከበፊቱ ጉልህ በሆነ ሁኔታ ያስቸግራል ወይ የሚል ነው። ለአምስት ደቂቃ ዕቃ ማውረድ አያስከስስም፤ ሦስት ሜትር በሆነ መግቢያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም መኪና ግን መንገዱን ዘግቷል። ያልተቆለፈ በር መትከል ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ቆልፎ ቁልፍ መከልከል ግን አይፈቀድም።

የጥገናው ግማሽ ወጪ የማድረግ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የጓሮው ባለቤት በመግቢያው እስከተጠቀመ ድረስ በሊቨርፑሉ መርሕ ይከፍላል። አጥሩ ግን ከየትኛውም መብት ጋር ስላልተያያዘ አሁን ያለውን ባለቤት አያስርም፤ የወደቀው አጥር እንደወደቀ ቢቀር የሚከሰስበት መንገድ የለም።

የጓሮው ባለቤት ከበስተኋላው ያለውን ሦስተኛ ቦታ ቢገዛስ? በፊተኛው መግቢያ በኩል ወደዚያ ሦስተኛ ቦታ ማለፍ አይችልም። መብቱ የተሰጠው ለጓሮው መሬት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ መሬት መቀጠል እንደማይቻል ከ1904 ጀምሮ ተወስኗል። ይህን ሳያውቁ መውጫ የሌለው መሬት ገዝተው የተቸገሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የአካባቢው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ኮቨናንቱ ተነሣ ማለት ነው?

አልተነሣም። ፈቃዱ የምክር ቤቱና የሕዝቡ ጉዳይ ነው፤ ኮቨናንቱ የጎረቤትዎ መብት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጎረቤቴ ለዓመታት በግቢዬ ሲያልፍ ዝም ብዬዋለሁ፤ መብት ያገኛል?

ለ20 ዓመት ያለ ኃይል፣ ሳይደበቅ፣ ያለ ፈቃድ ካለፈ ሊያገኝ ይችላል። የመጨረሻው ቃል ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ ፈቃድ የሰጡት ሰው መብት አያገኝም፤ በዝምታ የታለፈው ግን ያገኛል። ስለዚህ በወዳጅነት ማሳለፍ ከፈለጉ፣ «እንደ ጎረቤት ፈቅጄልሃለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ጽፈው ቅጂውን ያስቀምጡ።

ኢትዮጵያ ካለው ሕግ ጋር ይመሳሰላል?

በሐሳቡ ይመሳሰላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ አንድ መሬት ለሌላ መሬት ጥቅም የሚሸከመውን ግዴታ ይደነግጋል። ትልቁ ልዩነት በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ጎረቤታሞች በመሬቱ ላይ እንደ ባለቤት የማይዋዋሉ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በአንዱ አገር የለመድነውን ለሌላው መገልበጥ አያዋጣም።

ገዳቢ ኮቨናንትን ማስነሣት ይቻላል?

ከተጠቃሚው ጋር ተስማምቶ በሰነድ መፍታት ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ተጠቃሚው የማይታወቅ ከሆነ የኢንሹራንስ ፖሊሲ መግዛት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ጎረቤት ዘንድ ሄደው ከተነጋገሩ በኋላ ኢንሹራንስ ቢጠይቁ፣ ጎረቤቱ ነቅቷል ተብሎ ሊከለከሉ ይችላሉ። የትኛውን መንገድ እንደሚይዙ ከሶሊሲተርዎ ጋር ሳይወስኑ የጎረቤትን በር አያንኳኩ።

ሦስተኛው በንብረት ሕጉ አንቀጽ 84 ለላይኛው ትሪቡናል የመሬት ችሎት ማመልከት ነው። ችሎቱ ቃሉ ጊዜ ካለፈበት፣ ወይም ተገቢ አጠቃቀምን እየከለከለ ለተጠቃሚው ጉልህ ጥቅም ከሌለው ሊሽረው ወይም ሊያሻሽለው፣ ካሣም ሊያዝ ይችላል። ይህ ሥልጣን ለኮቨናንት ነው፤ ኢዝመንትን በዚህ መንገድ ማስነሣት አይቻልም።

«ሠርቼ ልጨርስና በኋላ ላስነሣው» የሚል ሐሳብ ካለዎት የ2020ን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይመልከቱ። አንድ አልሚ ለመኪና ማቆሚያ ካልሆነ በቀር ሕንጻ እንዳይሠራበት በተከለከለ ቦታ ላይ፣ ክልከላውን እያወቀ፣ 13 አነስተኛ ዋጋ ያላቸው መኖሪያዎች ሠራ። ተጠቃሚው መሬት ላይ በጠና ለታመሙ ሕፃናት ማረፊያ እየተሠራ ነበር፤ ልጆቹ በተሽከርካሪ ወንበር የሚወጡበትን አትክልት ቦታ ከቤቶቹ ማየት ይቻል ነበር። ትሪቡናሉ 150,000 ፓውንድ ካሣ ተከፍሎ ክልከላው እንዲነሣ ቢወስንም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሽረቱን አጸና። አልሚው አስቀድሞ አመልክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቤቶቹን ከክልከላው ነጻ በሆነው ጎን እንዲሠራ ይነገረው ነበር፤ እያወቀ ቀድሞ በመሥራቱ ያንን ጥያቄ ከችሎቱ ፊት አስወገደው፤ ይህም በማመልከቻው ላይ ተቆጠረበት።